ያልተበጠሰ ክር ለምን ይቀየራል?

*ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው። ቴኒስ በሳምንት ሁለት ቀን እጫወታለሁ፣ ለመዝናናት ያህል። ራኬቴን ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ክሩ አንድም ቀን አልተበጠሰም። ሰሞኑን ግን ኳሷ እየረዘመች ከመስመር ትወጣብኛለች። አንዱ ጓደኛዬ «አጥብቀህ አስወጥረው፣ ትቆጣጠራታለህ» ይላል። ሌላው «አላላው፣ ጉልበት ታገኛለህ» ይላል። ማንን ልስማ? ደግሞስ ያልተበጠሰ ክር ምን ብዬ እቀይራለሁ?*

አካም ጅርታ ወንድሜ። እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ። ራኬት መወጠር የጀመርኩት የራሴን ራኬት በሰው እጅ አዲስ አበባ መላክ ሲሰለቸኝ ነው። አሁን ክብደት በሚጎትታት አንዲት ትንሽ ማሽን የራሴንም የጓደኞቼንም እወጥራለሁ። ስለዚህ ያንተን ዓይነት ራኬት ብዙ ጊዜ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አይቻለሁ።

ሁለቱም ጓደኞችህ አልተሳሳቱም። ግን ሁለቱም መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸውን አልጠየቁህም፤ ክሩ ስንት ጊዜው ነው? ሁለት ዓመት የቆየ ክር ላይ «ይጥበቅ ወይስ ይላላ» ብሎ መከራከር ትርጉም የለውም። ምክንያቱም እሱ ክር ድሮ በተወጠረበት ቁጥር ላይ የለም። አንተ ሳታውቀው ከላላ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ኳሷ የረዘመችብህም በአብዛኛው በዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳህ፣ ከኳሷ ልጀምር።

የቴኒስ ኳስ ጉልበት አባካኝ ናት። በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት መደበኛ ኳስ ከ254 ሴንቲሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ ስትለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሴንቲሜትር ነው የምትነጥረው። አስበው፣ ከተሰጣት ጉልበት የምትመልሰው ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። ሌላው ስትጨፈለቅና ስትመለስ በሙቀት መልክ ይጠፋል። ክር ግን እንደዚያ አይደለም። ሲለጠጥ ከወሰደው ከ90 በመቶ በላይ መልሶ ይሰጣል። እንግዲህ ራኬትህ ኳሷን ሲመታ ሁለቱም ይለጠጣሉ፣ ክሩም ኳሷም። ክሩ ላላ ካለ እሱ ብዙ ይለጠጣል፣ ኳሷ ትንሽ ትጨፈለቃለች፣ ብክነቱ ይቀንሳል። ክሩ ከጠበቀ እንደ ግድግዳ ይሆንና ኳሷ ራሷ ላይ ትጨፈለቃለች፣ ጉልበቱም እዚያው ይቀልጣል። «የላላ ክር ጉልበት ይሰጣል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። እውነት ነው።

ግን ልዩነቱ ሰው እንደሚያወራለት አይደለም። ውጥረቱን በ4 ወይም በ5 ኪሎ ብትቀይረው እንኳ የኳሷ ፍጥነት ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ቢለወጥ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትመታ ከሆነ 101 ወይም 102 ትሆናለች ማለት ነው። ይህን ማንም ዓይኑ አይቶ አይለየውም። እኔም አልለየውም።

ታዲያ ለምንድን ነው ሰው ሁሉ የላላ ራኬት ይዞ «ኧረ ይሄ ነገር ይተኩሳል!» የሚለው? ኳሷ ስለምትረዝም ነው። የምትረዝመው ደግሞ ስለፈጠነች ሳይሆን ከፍ ብላ ስለምትወጣ ነው። ኳሷ ክሩ ላይ የምትቆየው 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አንዲት ሰከንድ ለሁለት መቶ ብትከፈል አንዷ ድርሻ እንደማለት። በዚያች ቅጽበት ራኬትህ ወደ ላይ እየተጓዘ ነው፣ በተለይ ኳሷን ለማሽከርከር ከታች ወደ ላይ የምትቦርሽ ከሆነ። ክሩ ሲላላ ኳሷ ጠልቃ ትገባና ትንሽ ትቆያለች፣ ከራኬቱም ጋር ትንሽ ወደ ላይ ትሄዳለች። ስለዚህ ስትወጣ በትንሹ ከፍ ባለ አንግል ነው። አንዲት ዲግሪ ምንም አይደለችም ትላለህ። ከኋላ መስመር እስከ ኔት ወደ 12 ሜትር ነው። አንድ ዲግሪ ከፍ ያለች ኳስ ኔቱ ጋ ስትደርስ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ መሬት ስትነካ ደግሞ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ትረዝማለች። ያች አንድ ሜትር ናት ከመስመር ውጪ የምታስወጣህ።

ቁጥጥር የሚባለውም ይኸው ነው። የጠበቀ ክር ኳሷን አይመራልህም። ኳሷ በዝቅተኛ አንግል ትወጣለች፣ ከምት ወደ ምት ያለው ልዩነትም ያንሳል፣ አለቀ። አጭር ስለምታርፍልህ ደግሞ በሙሉ ክንድህ ለመምታት አትፈራም። «ተቆጣጠርኳት» የሚያሰኝህ እሱ ነው። ዋጋ ግን አለው። ኳሷ መሃሉን ሳትነካ ዳር ላይ ካረፈች የጠበቀ ራኬት ምሕረት የለውም፣ ትሞትብሃለች፣ ንዝረቱም በቀጥታ ወደ ክንድህ ነው የሚመጣው።

ይህን ከራሴ ነው የማወራው። የመጀመሪያ ማሽኔን ባገኘሁ ሰሞን «ባለሙያ አጥብቆ ነው የሚጫወተው» ብሎኝ አንድ ሰው፣ ፖሊስተር ክር በ28 ኪሎ ወጠርኩ። ራኬቱ ላይ የተጻፈው ጣሪያ 27 ነበር፣ እሱንም አልፌ። ለሁለት ሳምንት ኳሶቼ ሁሉ አጭር፣ እኔ ደግሞ ኩራቴ ሌላ። በሦስተኛው ሳምንት የቡና ስኒ ማንሳት የክርኔን ውጭ ያመኝ ጀመር። ለአራት ወር አልለቀቀኝም። ክንዱን የሚያመው ሰው ካለ እዚህ ላይ ያቁምና ከሁሉ በፊት ክሩን ያለስልስ፣ ያላላ፣ ሐኪምም ያማክር። ስለ ኳስ ርዝመት ከዚያ በኋላ እናወራለን።

እሺ፣ አሁን ወደ አንተ ክር።

ክር ከማሽን እንደወረደ ነው መላላት የሚጀምረው። ናይሎኑ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ካለው ውጥረት 10 በመቶ ገደማ ሊያጣ ይችላል፣ ገና አንድ ኳስ ሳትመታበት። ፖሊስተር ከዚያም ይብሳል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን አይቆምም። ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦም ይላላል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ነው ብለህ ካልተጫወትክ «አልተጠቀምኩበትም፣ አዲስ ነው» አትበል። በገና የሚደረድር ሰው ብትጠይቅ ይነግርሃል፤ አውታር ተወጥሮ በተቀመጠ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል፣ ሁልጊዜ እየተቃኘ ነው የሚኖረው። ልዩነቱ የበገና አውታር መልሶ ይጠበቃል፣ የራኬት ክር ግን አይጠበቅም። ሲላላ ተቆርጦ ይጣላል።

መላላቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ክሩ ይሞታልም። ልዩነቱን ልብ በል። የላላ ግን ሕያው የሆነ ክር ተለጥጦ ይመለሳል። የሞተ ክር መለጠጡን ይለጠጣል፣ አመላለሱ ግን ይሰንፋል። ይህ በተለይ የፖሊስተር በሽታ ነው። እዚህ የሸማኔን ቃል ልዋስና፣ ቋሚዎቹን ክሮች ድር፣ አግዳሚዎቹን ማግ እንበላቸው። ኳሷን ወደ ላይ ቦርሸህ ስትመታ ድሩ ማጉ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተትና ወዲያው ተስፈንጥሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲመለስ ኳሷን ያሽከረክራታል። ስትሽከረከር ደግሞ ኔቱን አልፋ ወደ ታች ትወድቃለች፣ ሜዳ ውስጥ ትቀራለች። ክሩ ሲያረጅ ድሩ ማጉን እየከረከረ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይሠራል፣ እዚያ ይያዛል፣ መንሸራተቱ ይቀራል። ሽክርክሪቱ ይቀንሳል። በአንድ በኩል መላላቱ ኳሷን ከፍ አድርጎ ያስወጣታል፣ በሌላ በኩል ወደ ታች የሚያወርዳት ሽክርክሪት ጠፍቷል። ሁለቱ ሲደመሩ «ሰሞኑን ኳሷ ረዘመችብኝ» ያልከው ይመጣል። የአንተ እጅ አይደለም የተበላሸው።

በዚህ ላይ የጅማ የራሱ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ኳሷን የሚይዛት አየር ስላነሰ ትረዝማለች፤ አየር ተሞልታ የታሸገች ኳስ ከሆነች ደግሞ የውጭው ግፊት ስላነሰ ውስጧ ይወጠርና ከፍ ብላ ትነጥራለች። ለዚህ ነው ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ውድድር ሕጉ ለከፍታ ቦታ የተሠራ ኳስም የሚፈቅደው። እኛ ግን የምናገኘውን ኳስ ነው የምንጫወተው። ስለዚህ ከኢንተርኔት ወይም ከውጭ የመጣ ሰው «23 ኪሎ በቂ ነው» ቢልህ እሱ ባሕር ዳር ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዳር ከተማን ሳይሆን እውነተኛውን ባሕር ማለቴ ነው። እዚህ አንድ ኪሎ ጨምርበት። አዲስ አበባ ከኛም ከፍ ትላለች፣ እዚያ የለመደ ሰው ወደ ጅማ ሲወርድ ኳሷ ትንሽ ታጥርበታለች።

«መላላቱን እንዴት አውቃለሁ?» ካልክ፣ በጆሮህ። ቀልድ አይደለም። ክሩን በመዳፍህ መታ መታ ስታደርገው ወይም ሁለት ራኬት ስታጋጭ የሚወጣው ድምፅ አዲስ ሲሆን ቀጠን ያለ «ቲንግ» ነው፣ ሲያረጅ ወፍራም «ዱፍ» ይሆናል። እንደ ከበሮ ነው፤ ፀሐይ ሳይሞቅ የተመታ ከበሮ ድምፁን ታውቀዋለህ። በደንብ ለመለካት ከፈለግክ ደግሞ ጊታር ለመቃኘት የሚያገለግሉትን፣ የድምፅ ድግግሞሽ በኸርዝ የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች አውርድ። ክሩ ላይ ያለችውን ንዝረት የምትቀንስ ጎማ አውልቅ፣ ስልኩን ጠጋ አድርግ፣ የክሩን መሃል በእርሳስ ጀርባ ቆንጠር አድርገህ ምታ። ብዙ ራኬት ከ500 እስከ 600 ኸርዝ አካባቢ ይሰጥሃል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም፤ የራኬቱ ስፋትና የክሩ ውፍረት ይለውጠዋል። የራስህን ራኬት ከራሱ ጋር ስታወዳድር ነው የሚናገረው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። እንዳንተ ቅዳሜና እሑድ የሚጫወት አንድ ወዳጄ አለ። ራኬቱ መካከለኛ ስፋት ያለው፣ 100 ካሬ ኢንች የሚባለው ነው። ፖሊስተር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለኝ፣ በቴሌቪዥን የሚያያቸው ሁሉ እሱን ነው የሚጠቀሙት። በ24 ኪሎ ወጠርኩለት። በማግስቱ ስንለካው 560 ኸርዝ ነበር። በማግስቱ ያልኩህ ሆን ብዬ ነው፤ ከማሽን እንደወረደ ከለካኸው ያ የመጀመሪያው ቀን መላላት ስለሚገባበት ያሳስትሃል። ከአምስት ወር በኋላ «ኳሷ ትበራለች፣ አጥብቅልኝ፣ 26 አድርገው» ብሎ መጣ። ለካነው፤ 500 ኸርዝ።

ከ560 ወደ 500 ትንሽ ይመስላል። ግን ውጥረት ከድምፁ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፣ በካሬ ነው። ስለዚህ እንዲህ ታሰላለህ፦

(500 ÷ 560)² = 0.797

በሌላ አነጋገር ክሩ ከማግስቱ ውጥረት 20 በመቶውን አጥቷል። 24 ተብሎ የተወጠረው ክር አሁን 19 ተብሎ እንደተወጠረ ያህል ነው የሚሠራው። አንተ ራስህ ወስነህ 19 ኪሎ አስወጥረው ቢባል እሺ ትላለህ? እሱ ግን ሳያውቀው እሱን ይዞ ሲጫወት ነበር። ደግሞ ሰውነት ተንኮለኛ ነው። ቀስ በቀስ ስለሚላላ ሳታስበው ራስህን ታስተካክላለህ። ወዳጄ ክንዱን አሳጥሮ፣ ኳሷን እየገፋ መጫወት ጀምሮ ነበር፤ ስዊንጉ ጠፍቶ። «ብቃቴ ወረደ» ይለኝ ነበር፣ ችግሩ ግን ያችው ክር ናት።

26 አላደረግኩለትም። እዚያው 24 ላይ፣ ግን ፖሊስተሩን ትቼ ናይሎን ወጠርኩለት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደወለልኝ፣ «ምን አድርገህብኛል፣ ሁሉም ኔት ውስጥ ነው!» ሳቅኩ። የሚጠበቅ ነው። ለላላው ክር የለመደው እጅ አሁን በዝቅታ ነው የሚመታው። ሦስት አራት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ክንዱን መልቀቅ ጀመረ፣ ኳሷም ሜዳ ውስጥ መግባት ጀመረች። አንተም ክሩን ከቀየርክ በኋላ በመጀመሪያው ቀን አትፍረድ። ሁለት ሳምንት ስጠው።

መቼ ትቀይራለህ ለሚለው የድሮ ልማድ አለ፦ በሳምንት ስንት ቀን ትጫወታለህ፣ በዓመትም ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ ቀይር። ሁለት ቀን ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ስድስት ወር ላይ። ይህ ለናይሎን ይሠራል፣ ለኛ ዓይነቱ ሰው በቂ ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚጫወትም ቢሆን ከዓመት በላይ ባያስቆየው ጥሩ ነው። ለፖሊስተር ግን ይህን ልማድ አትመን። እሱ 15 ወይም 20 ሰዓት ከተጫወትክበት በኋላ ነው መሞት የሚጀምረው። አንተ በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተኩል ብትጫወት ሦስት ሰዓት ነው፤ በሰባት ሳምንት አበቃለት ማለት ነው። በየሁለት ወሩ ክር የመቀየር አቅም ያለው ሰው ይኑር፣ እኔ ግን ለጅማ የቅዳሜ ተጫዋች ፖሊስተር ብዬ አልመክርም። እሱ የተሠራው በየሳምንቱ ክር ለሚበጥስ ሰው ነው። አንተ ሁለት ዓመት ያልበጠስክ ሰው ነህ፣ የመበጠስ ችግር የለብህም፣ ታዲያ የማይበጠሰው ክር ላንተ ምንድን ነው?

የአንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ አትቀርም፣ ካላወቅክ ግን ድሩን በጣትህ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ ልቀቀው። ፖሊስተር ደረቅ ነው፣ አዲስ ሲሆን ቷ ብሎ ይመለሳል። የማይመለስ ከሆነና ከተጫወትክ በኋላ ክሮቹ ተጣመው ተጣመው የሚቀሩ ከሆነ ሞቷል። ናይሎን ግን አዲስ ሆኖም ትንሽ ይንሸራተታል፣ በጣት ማስተካከል የተለመደ ነው፣ በዚያ ብቻ አትፍረድበት። እሱን ስታይ ድሩና ማጉ የሚገናኙበትን ቦታ ተመልከት። ክሩ ተበልቶ ግማሽ ያህል ከደረሰ ወይም ፀጉር ማውጣት ከጀመረ ለመበጠስ ቀናት ነው የቀሩት። እኛ ጋ ኳሷ ከሜዳ ወጥታ ቀይ ጭቃ ይዛ ትመለሳለች፣ ያ አፈር ደርቆ ክሮቹ መካከል ሲገባ እንደ ሞረድ ነው የሚሞርደው። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥሎ መሄድም ክሩን ያላላዋል፣ እሱን ተው።

ከብት አንጀት የተሠራ ክርም አለ፤ የበገናው የበግ አንጀት ዘመድ መሆኑ ነው። ውጥረቱን ከሁሉም በላይ የሚይዘው፣ ለክንድም የሚመቸው እሱ ነው። ግን ዋጋው አይቀመስም፣ እርጥበትም ጠላቱ ነው። የጅማን ክረምት እያወቅኩ እሱን አልመክርህም።

ስለዚህ አንተ ብትሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር? መጀመሪያ የራኬቱ አንገት ውስጠኛው ጎን ላይ የተጻፈውን አነባለሁ። አብዛኛው ጊዜ ከ50 እስከ 60 ፓውንድ ተብሎ ተጽፏል፤ በኪሎ ከ22.7 እስከ 27.2 መሆኑ ነው። መሃሉ 25 ኪሎ ነው። ተራ ናይሎን፣ ውፍረቱ 1.30 ሚሊሜትር የሆነ፣ በ25 ኪሎ አስወጥራለሁ። ከፍታውን ተቀብለን መሃሉ ላይ ማረፍ ማለት ነው፣ ወደ ታችኛው ወገን አልወርድም። ራኬትህ ፊቱ በጣም ሰፊ ከሆነ፣ 110 ካሬ ኢንች አካባቢ፣ ረጅም ክር የበለጠ ስለሚለጠጥ አንድ ኪሎ ጨምር። ክንድህን የሚሰማህ ነገር ካለ በተቃራኒው ወደ 23 ውረድ፣ ኳሷ ትንሽ ብትረዝምም ተቀበላት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ተጫወትበት። አሁንም ከረዘመችብህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ኪሎ ጨምር፤ ካጠረችብህና ለመግፋት እየታገልክ ከሆነ አንድ ኪሎ ቀንስ። ከአንድ ኪሎ በላይ በአንዴ አትለውጥ፣ የክሩን ዓይነትም በዚያው ቀን አብረህ አትቀይር። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። (አዎ፣ ለወዳጄ ዓይነቱን ቀይሬያለሁ። ቁጥሩን ግን አልነካሁም።) ጓደኞችህ የሚከራከሩበት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፣ አዲስ ክር ላይ።

የሚወጥርልህ ሰው ላይ ሁለት ነገር ልንገርህ። አንደኛ፣ ማሽን ሁሉ አንድ አይደለም። በእጅ የሚዞረው ማሽን ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ይቆልፍና መጎተቱን ያቆማል፣ ክሩ እዚያው ትንሽ ይላላል። የኔ ዓይነቱ ክብደት የሚጎትተውና ኤሌክትሪኩ ግን ክሩ እስኪያዝ ድረስ ሳያቋርጡ ይጎትታሉ። ስለዚህ በአንዱ 25 ያልከው በሌላው 25 አይሆንም፣ በእጅ የሚዞረው ላላ ይላል። ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ሰው ጋ አስወጥር። ካልተቻለ ደግሞ በማግስቱ በስልክህ የለካኸው ቁጥር ዳኛህ ይሁን። ሁለተኛ፣ ኪሎ ይሁን ፓውንድ በግልጽ ተናገር። በቃል «55 አድርገው» ብሎ በሰው እጅ መላክ ነገር ያበላሻል፤ ወረቀት ላይ ጽፈህ ከራኬቱ ጋር እሰረው።

ቆርጠህ የምታወጣው አንተ ከሆንክም ተጠንቀቅ። አሮጌውን ክር ከአንድ ዳር ጀምረህ አትቁረጥ፣ ፍሬሙ በአንድ በኩል ይሳባል። ከመሃል ጀምር፣ አንድ ከድሩ አንድ ከማጉ እያልክ ወደ ዳር ውጣ። አንድ ቀን አንዱ ክር ከተበጠሰብህም እንደዚያው ቶሎ ሌላውን ቁረጠው፣ ለሳምንት ተንጠልጥሎ አይቆይ። ክሩ ከወጣ በኋላ ፍሬሙ ቀዳዳዎች ውስጥ ያሉትን ፕላስቲኮች እያቸው። የተሰነጠቀ ካለ አዲሱ ክር የፍሬሙን ጠርዝ ነክቶ እዚያው ይበጠሳል፣ ከዚያ ክሩን ትወቅሳለህ። ሁለት ዓመት የቆየ ራኬት ላይ አንድ ሁለት የተሰነጠቀ መኖሩ አይቀርም።

ስለ ወጪው፤ ለአንድ ራኬት የሚበቃው 12 ሜትር ያህል ክር ነው። ነጠላውን ፓኬት ከመግዛት 200 ሜትሩን ጥቅል አራት ሆናችሁ ብታመጡት ይሻላል፣ 16 ራኬት ይወጥራል። በዓመት ሁለት ሁለቴ ብትቀይሩ ለአራታችሁ ሁለት ዓመት ይበቃል ማለት ነው። ሁለቱ ጓደኞችህ አሉ፣ አራተኛው እኔ ልሁን ብዬ ነው።

ለማንኛውም ከመቁረጥህ በፊት አሮጌውን ለካው፣ ያገኘኸውን ቁጥር፣ ራኬቱ አንገት ላይ የተጻፈውንና ክሩ የትኛው እንደሆነ እዚህ ጻፍልኝ። አዲሱ ሲወጠር በማግስቱ ድጋሚ ለካው። ሁለቱን ቁጥሮች ሳይ ምን ያህል ላልቶ እንደነበር በግምት እነግርሃለሁ፤ ክሩ ዓይነቱ ከተለወጠ ግን ስሌቱ ልክ አይመጣም፣ እሱን ከሚቀጥለው ዙር ጀምረን ነው የምንይዘው።